እኩል ጠብታ እኩል ሽታ አይሰጥም፦ ለዲፊውዘርና ለሮለር የሚያረጋጋ ቅይጥ አመጣጠን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ከዱባይ ሽታ በጭጋግ የሚረጭ ዲፊውዘርና ትናንሽ የመዓዛ ዘይቶች ልካልኝ ነበር። ማታ ከሥራ ስገባ ጭንቅላቴ እንዲያርፍ ብዬ ሎሚ 5፣ ላቬንደር 5፣ ቬቲቨር 5 ጠብታ ቀላቀልኩ። ቶፕ፣ ሚድልና ቤዝ እኩል ይሁኑ ብዬ ነው። ዲፊውዘሩ ላይ ሳደርገው ቤቱ በሙሉ አፈር አፈር ሸተተ። ያንኑ አፉ ላይ ኳስ ያለው 10 ሚሊ ሊትር ሮለር ጠርሙስ ውስጥ በጆጆባ ዘይት አድርጌ ጠዋት ጠዋት አንገቴን ስቀባ ደግሞ ሎሚው በ10 ደቂቃ ይጠፋና አፈሩ ብቻ ይቀራል። በቬቲቨሩ ፋንታ የዕጣን ዘይት ሞክሬ ነበር፤ እሱም ቶሎ ጠፋ፣ ቤት እንደምናጨሰው ዕጣንም አይሸትም። ምን አጥፍቼ ነው? ከ4 ዓመት ሴት ልጄ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንተኛው።

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ሮለር ጠዋት አንገትሽ ላይ መቀባቱን ተይው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ። ሎሚውና ፀሐዩ አይስማሙም፣ መጠኑም ለቆዳ በዝቷል። አሁን ግን ከዋናው ጉዳይ ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ ሌላው ራሱ ይስተካከላል።

ወጥ ስትሠሪ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውንና መከለሻውን እኩል እኩል አትለኪም። ሽንኩርቱ ድስቱን ይሞላል፣ በርበሬው በማንኪያ ይገባል፣ መከለሻው በሁለት ጣት ቆንጠር ተደርጎ መጨረሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ድስቱ ሲከፈት ግን ቀድሞ አፍንጫሽ ጋ የሚደርሰው ያ ቆንጠር ያደረግሽው ነው። የመዓዛ ዘይትም እንደዚያው ነው። ቶፕ፣ ሚድል፣ ቤዝ፣ ማለትም ላይኛ፣ መሃልና መሠረት የሚባለው ሽታው የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ተራ ይነግርሻል እንጂ ስንት ጠብታ እንደሚገባ አይነግርሽም። አንቺ ተራውን እንደ መጠን ወሰድሽው። አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ እኔ ጋ ከሚመጡት ጀማሪዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚሁ ነው።

ተራውን የሚወስነው የትነት ፍጥነት ነው። ሎሚና ብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ሊሞኒን ይባላል፤ ትንሽና ቀላል ሞለኪውል ስለሆነ ከወረቀት ላይ እንኳ አሽትተሽው ሳትጨርሺ ይሄዳል። የላቬንደር ዋናዎቹ ሊናሎልና ሊናሊል አሲቴት ከበድ ይላሉ፣ ስለዚህ ይዘገያሉ። ቬቲቨር ከሣሩ ሥር የሚወጣ ዘይት ነው፤ ሞለኪውሎቹ ትልልቅና ከባድ ስለሆኑ የነካሽበት ወረቀት ቀናት አልፈውም ይሸታል። አገራችን አፈር እንዳይሸረሸር በየዳገቱ የሚተከለው የቬቲቨር ሣር ማለት ነው፤ «አፈር አፈር ይሸታል» ያልሽው አፍንጫሽ በትክክል ነው ያወቀው። እንግሊዛዊው ሽቶ ቀማሚ ዊልያም ፑቸር በ1950ዎቹ ይህንን በቁጥር አስቀምጦት ነበር። እያንዳንዱ ሽታ ምን ያህል እንደሚቆይ እየለካ ከ1 እስከ 100 ሰጠው፤ እስከ 14 ያሉትን ላይኛ፣ እስከ 60 ያሉትን መሃል፣ ከዚያ በላይ ያሉትን መሠረት አላቸው። ቁጥሩን ማስታወስ አያስፈልግሽም። ሐሳቡን ግን ያዢው፤ ጉዳዩ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ከፍጥነቱ ሌላ ደግሞ ጉልበት የሚባል ነገር አለ፣ አንቺን የጣለሽም እሱ ነው። አንድ ጠብታ ቬቲቨር ከአንድ ጠብታ ላቬንደር ጋር እኩል አይናገርም። ቬቲቨር፣ ፓቹሊ፣ ካሞሚል፣ ያላንግ ያላንግ ጉልበተኞች ናቸው። አንድ ጠብታቸው ስምንትና ዘጠኝ ጠብታ ላቬንደርን ይቋቋማል። ስለዚህ 5 ለ 5 ለ 5 ብለሽ የቀላቀልሽው በአፍንጫ ሲለካ ሦስት እኩል ክፍል ሳይሆን ቬቲቨር ላይ ጥቂት ላቬንደር የተረጨበት ነገር ነው። ሎሚው ደግሞ ገና ከመድረሱ ይሄዳል።

ይህንን በእኔ ቃል አትመኚ፣ ዛሬ ማታ ራስሽ እዪው። ወፍራም ነጭ ወረቀት ወይም የቡና ማጣሪያ ወረቀት እንደ ጣት ቀጭን አድርገሽ ሦስት ቦታ ቁረጪ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ሎሚ፣ ላቬንደርና ቬቲቨር አድርጊና ስሙንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጻፊበት። ጫፎቹ እንዳይነካኩ ለየብቻ ከብርጭቆ ጠርዝ ላይ አስደግፊያቸው። በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓት፣ ከመተኛትሽ በፊት፣ ከዚያም ጠዋት ስትነሺ አሽቺያቸው። ሎሚው ማታውኑ ወረቀት ወረቀት ይሸታል። ላቬንደሩ ጠዋት ላይ ደክሞ የደረቀ ሣር የመሰለ ነገር ይቀረዋል። ቬቲቨሩ እንዳለ አለ፤ እንዲያውም ጠዋት ከማታው ይልቅ ለስለስ ብሎ ይጠብቅሻል። ከዚህ በኋላ አዲስ ዘይት በገዛሽ ቁጥር እንዲህ አድርጊ። ጠርሙሱ ላይ «ቤዝ» ተብሎ ከተጻፈው ይልቅ ወረቀቱ እውነቱን ይነግርሻል።

ከዚሁ ሙከራ ሌላም ነገር ታያለሽ። በሎሚው መጥፋትና በቬቲቨሩ መቆየት መካከል ያለውን ሰዓት ላቬንደር ብቻውን መሸፈን አይችልም። ላቬንደር የመሃል ሽታ ነው ይባላል እንጂ ብዙ ሽቶ ቀማሚዎች ከላይኛው ጋር ነው የሚመድቡት። በላይኛውና በመሃሉ ድንበር ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ያንቺ ቅይጥ መሃሉ ጉድጓድ አለው፤ ሎሚው ሲሄድ የሚቀበለው የለም። ለዚህ ደልዳላ የመሃል ሽታ ያስፈልግሻል፣ እኔ የምመርጥልሽ ጄራንየምን ነው። እዚሁ ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ሳይቀር ሲሠራበት የቆየ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ጽጌረዳ የሚመስል ሽታ አለው። ከላቬንደር ይዘገያል፣ ከቬቲቨር ይፈጥናል፣ ሁለቱንም ይዞ ያቆያል። ግን እሱም ጉልበተኛ ስለሆነ በጥቂቱ ነው። ከበዛ ቅይጡ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ያን ጊዜ መረጋጋቱ ቀርቶ ገላ መታጠቢያ ቤት የገባሽ ይመስልሻል።

መሠረቱንም ለቬቲቨር ብቻ አትተዪለት። ከባድነቱን ለስለስ ባለ እንጨት አካፍዪው፤ ሴዳርዉድ ለዚህ ጥሩ ነው። ስሙ እንዳያሳስትሽ፤ ከሞሮኮ የሚመጣው አትላስ የሚባለው እውነተኛው የአርዘ ሊባኖስ ወገን ሲሆን ከአሜሪካ የሚመጡት ቨርጂኒያና ቴክሳስ የሚባሉት የጥድ ዘመዶች ናቸው። ዝግባ ብለው የሚተረጉሙም አሉ፣ የእኛ ዝግባ ግን ሌላ ዛፍ ነው። የቨርጂኒያውን ሽታ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ እርሳስ ስትቀርጪ ከመቅረጫው የሚወጣው ነው፣ እርሳስ ለብዙ ዘመን የተሠራው ከዚያ ዛፍ ነበርና። ለመረጋጋት ሁለቱም ይሆናሉ። እኔ አትላሱ ትንሽ ጣፈጥ ስለሚል እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ሮለሩ ሒሳብ እንምጣ። አንድ ሚሊ ሊትር በግምት 20 ጠብታ ነው ብንል፣ 10 ሚሊ ሊትሩ ወደ 200 ጠብታ ይይዛል። አንቺ 15 ጠብታ ስትጨምሪበት 7.5 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በየቀኑ ለሚቀባ ነገር ለጤነኛ አዋቂ ሰው ቆዳ 2 በመቶ አካባቢ ይበቃል፤ ይህም 4 ጠብታ ብቻ ነው። ሎሚሽ ብቻውን 2.5 በመቶ ደርሷል። ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይት ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጠባሳ የመሰለ ጥቁረትም ሊተው ይችላል። ለዚህ ነው ፀሐይ ለሚያገኘው ቆዳ ጣሪያ የተቀመጠለት። እዚህ ላይ ጠርሙስሽን በደንብ አንብቢ፤ እኛ ሎሚ የምንለው ትንሹ አረንጓዴው በእንግሊዝኛ «ላይም» ይባላል፣ ቢጫው ደግሞ «ሌመን» ነው። ተጨምቆ ለወጣ ሌመን ጣሪያው 2 በመቶ ሲሆን ተጨምቆ ለወጣ ላይም 0.7 በመቶ ነው፤ ቤርጋሞት ለሚባለው የብርቱካን ወገን ደግሞ 0.4 በመቶ ብቻ። በእንፋሎት የተነጠረ ላይም ይህ ችግር የለበትም። ጣፋጭ ብርቱካንም የለበትም፤ ስለዚህ ለሮለሩ ሎሚውን በብርቱካን እንለውጠው። ሽታውም ከሎሚ ይልቅ ለማታ የተሻለ ነው፤ ሎሚ ያነቃል፣ ብርቱካን ግን ለስለስ ያለ ነው።

4 ጠብታ ብቻ ከሆነ የሚገባው አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ አራት ዓይነት ዘይት በአራት ጠብታ እንዴት ይመጠናል? ቬቲቨር አንድ ጠብታ ከገባ ሩቡን ወሰደ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ አፈሩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የሚፈለገው ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው፣ ጠብታ ደግሞ አይቆረስም። ስለዚህ በቀጥታ ሮለሩ ውስጥ አትቀላቅዪ። መጀመሪያ ምንም ማቅጠኛ ዘይት የሌለበት እርሾ ሥሪ፤ ከዚያ ከእርሾው ላይ ቆንጥረሽ ታቀጥኚያለሽ። እኔ እርሾ እለዋለሁ፣ ሌሎች ኮንሰንትሬት ይሉታል።

አንቺ የምትሠሪው እርሾ 20 ጠብታ ይሁን፦ ቬቲቨር 1፣ ሴዳርዉድ 4፣ ጄራንየም 2፣ ላቬንደር 8፣ ጣፋጭ ብርቱካን 5። ባለ 5 ሚሊ ሊትር ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ ይበቃል፤ ፕላስቲክ አይሁን፣ ዘይቱ ይበላዋል። የምትጀምሪው ከከባዱ ነው። ቬቲቨር ወፍራም ስለሆነ በተለይ በክረምቱ ብርድ አልንጠባጠብ ይላል፤ ጠርሙሱን ብብትሽ ሥር ወይም እጅሽ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያዢው፣ ከዚያ ዘንበል አድርገሽ ጠብቂው። አትነቅንቂው፣ አትምችው፤ አንዱ እንቢ ብሎ ቆይቶ ሦስቱ ባንዴ ይወርዳሉ። አንዷ ጠብታ እንደወደቀች ቀና አድርጊው። ሴዳርዉዱን ጨምረሽ ጠርሙሱን በክብ ክብ አወዛውዢና አሽቺ። ቀጥሎ ጄራንየሙን በየጠብታው እያሸተትሽ ጨምሪ። ከዚያ ላቬንደሩን፣ መጨረሻ ብርቱካኑን። ከላይ ወደ ታች ብትሄጂ ኖሮ ብርቱካኑ ለጊዜው ሁሉን ይሸፍንልሽና መሠረቱ መብዛቱን የምታውቂው ከመሸ ነበር።

ጠብታ መቁጠር ራሱ አንድ ደካማ ጎን አለው። የአንዱ ጠርሙስ ቀዳዳ ከሌላው ይሰፋል፣ ወፍራም ዘይት ትልቅ ጠብታ ይሰጣል። ለአንድ ሰው ሮለር ይህ አያስጨንቅም። ያንኑ ሽታ ደግመሽ ደጋግመሽ መሥራት ከፈለግሽ ግን 0.01 ግራም የምታነብ የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ያዢና በክብደት ጻፊ። እኔ ይህንን የተማርኩት በኪሳራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአንድ ሠርግ ለሚዜዎች የሚሰጥ 12 ሮለር ታዝዤ ነበር። እርሾውን ስሠራ የቬቲቨሩ መክደኛ ላይ ያለችው ማንጠባጠቢያ ተነቅላ ወጣችና ዘይቱ ባንዴ ፈሰሰበት። አይ፣ ብርቱካን ጨምሬ አድነዋለሁ አልኩ። ጨመርኩ፣ ሸተተ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ስከፍተው ብርቱካኑ የት እንደገባ አይታወቅም፣ አፈሩ ተቀምጧል። እንደገና ጨመርኩ፣ እንደገና ጠፋ። የበዛ መሠረትን በላይኛ ሽታ ማዳን ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው፤ አንዱ የሚቆየው 1 ሰዓት፣ ሌላው 3 ቀን። የሚያድነው መሃሉንና ቀለል ያለውን እንጨት ጨምሮ ጠቅላላውን ማብዛት ነው። እኔም በመጨረሻ እርሾውን አምስት እጥፍ አድርጌ ነው የተረፈው፤ ዓመቱን ሙሉ ለሰው ስሰጠው ኖርኩ።

እርሾሽን ከሠራሽ በኋላ ጥብቅ አድርገሽ ክደኚና ብርሃን የማያገኘው ቁም ሣጥን ውስጥ ቢያንስ 2 ቀን፣ ብትታገሺ ሳምንት አቆዪው። ገና እንደተቀላቀለ እያንዳንዱ ዘይት ለየብቻው ይጮኻል፣ ሲቆይ ይገጥማል። አፍንጫሽም ያርፋል፤ ሲቀላቅል የዋለ አፍንጫ ፍርዱ አይታመንም። በቡና ፍሬ አፍንጫን ማደስ የሚሉት ነገር አለ፣ እኔ ግን የራሴን ክንድ ወይም ነጠላዬን ማሽተት ይሻለኛል። ቡና ራሱ ሌላ ጉልበተኛ ሽታ ነው።

ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ሮለር ውስጥ ከእርሾው 4 ጠብታ ጨምረሽ በጆጆባ ሙዪው፤ ኳሷ እንድትገባ ትንሽ ቦታ ተዪ። በእያንዳንዱ ሮለር ውስጥ ቬቲቨሩ የአንድ ጠብታ አንድ አምስተኛ ሆነ ማለት ነው፣ በጠብታ ልትለኪው የማትችዪው መጠን። ጆጆባ መምረጥሽ ጥሩ ነው፤ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ቶሎም አይገማም። የኑግና የሰሊጥ ዘይት ምግብ ምግብ ስለሚሸት ቅይጡን ያበላሻል። ውኃ ወይም የጽጌረዳ ውኃ ግን በጭራሽ እንዳትጨምሪ፤ ዘይቱ አናቱ ላይ ይንሳፈፍና አንድ ቀን ያልቀጠነውን ዘይት ቆዳሽ ላይ ታንከባልዪዋለሽ። ከመጠቀምሽ በፊት ክንድሽ ውስጠኛው ላይ ቀብተሽ 24 ሰዓት ጠብቂ፤ ካሳከከሽ ወይም ከቀላ አትጠቀሚበት። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም አስም ካለብሽ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ሮለሩን የምትፈርጂው በተቀባሽበት ደቂቃ አይደለም። አንጓሽ ላይ ተቀቢና በ5 ደቂቃ፣ በ40 ደቂቃ፣ በ3 ሰዓት አሽቺው። በ5 ደቂቃ ብርቱካኑና ላቬንደሩ ፊት ለፊት መቆም አለባቸው፣ እንጨቱ ከበስተኋላ። በ40 ደቂቃ ብርቱካኑ ሄዶ ላቬንደሩ ከጄራንየሙ ጋር ገጥሞ ካገኘሽው መሃሉ ይሠራል። በዚህ ሰዓት ሽታው ባዶ ሆኖ ቀጥታ እንጨት ላይ ከወደቅሽ መሃሉ ሳስቷል፤ በሚቀጥለው እርሾ ጄራንየሙን 3 አድርጊና ከላቬንደሩ አንድ ቀንሺ። በ3 ሰዓት ቆዳሽ ላይ አፍንጫሽን ካስጠጋሽ ብቻ የሚሰማ ደረቅ፣ ሙቅ እንጨት መቅረት አለበት። ክፍሉ ድረስ የሚሸት ከሆነ ቬቲቨሩ አሁንም በዝቷል፤ ምንም ካልቀረ ሴዳርዉዱን 5 አድርጊ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ሁለት ነገር ባንዴ ከለወጥሽ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቂም። «ሽታው ጠፋ» ስትዪ ደግሞ ሌላ ሰው አስሽቺ፤ አፍንጫ የለመደውን ይተዋል፣ ብዙ ሰው ያልጠፋን ሽታ ጠፋ ብሎ ጨምሮ ጨምሮ ነው ራስ ምታት የሚያመጣው።

ይህ ቅይጥ ለዲፊውዘሩም ይሆናል፤ ግን እንዳለ አይደለም። ቆዳሽ ሙቀት አለው፣ ጆጆባውም ዘይቱን ይዞ ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ሽታዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ይወጣሉ። ውኃ የሚያርገፈግፈው ዲፊውዘር ግን አይጠብቅም። ከታች ያለችው ሳህን ስትንቀጠቀጥ ውኃውንና ዘይቱን አንድ ላይ ሰባብራ በጭጋግ መልክ ትረጨዋለች፤ ከባዱም ቀላሉም አብሮ ይወጣል፣ ተራው ይደባለቃል። ከባዱ ደግሞ መጋረጃና ፍራሽ ላይ ያርፍና በማግስቱም ይሸታል። ቤትሽ በሙሉ አፈር የሸተተው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለዲፊውዘር መሠረቱ ይቀንስ፣ ላይኛው ይጨመር። ለ200 ሚሊ ሊትር ውኃ ከእርሾው 3 ጠብታ፣ በላዩ ላይ ከጠርሙሱ በቀጥታ ብርቱካን 2 ጠብታ ጨምሪ። እንዲህ ሲሆን ብርቱካኑ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል፣ መሠረቱ ደግሞ በእርሾው ውስጥ ከነበረው ሩብ ወርዶ ሰባተኛ እጅ ገደማ ይሆናል። ሎሚሽንም ከወደድሽው እዚህ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፤ ፀሐይ የሚያቃጥለው ቆዳ ላይ ሲሆን ነው። ጆጆባ ያለበትን ነገር ግን ዲፊውዘሩ ውስጥ እንዳትጨምሪ፤ ሳህኗ ላይ ይጋገርና ጭጋጉ ይቆማል። ቬቲቨር ከተጠቀምሽ በኋላም ሳህኗን በጥጥና በጥቂት አልኮል ጥረጊያት።

ልጅሽን በተመለከተ፦ ዲፊውዘሩን እሷ ሳትገባ ለ30 ደቂቃ ክፈቺና እሷ ለመተኛት ስትመጣ አጥፊው፣ በሩን ገርበብ አድርጊ። ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ለአንቺም አይጠቅምም፣ አፍንጫሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አይሰማውም፤ የሚሰማው ሳንባዋ ነው። ሮለሩን እሷ ላይ አትቀቢ፣ ጠርሙሶቹም እጇ በማይደርስበት ይቀመጡ፤ የተጠጣ የመዓዛ ዘይት ለልጅ መርዝ ነው። ጉንፋን ሲይዛት ደግሞ ባሕር ዛፍ ጣል ላድርግበት እንዳትዪ፤ በውስጡ ያለው ሲኒዮል የሚባለው ነገር ለትናንሽ ልጆች ትንፋሽ አይመከርም።

የብርቱካኑን ጠርሙስ ከከፈትሽ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ መለያው ላይም የከፈትሽበትን ቀን ጻፊ። የሎሚና የብርቱካን ዘይት አየር ሲያገኘው ቶሎ ያረጃል፤ ቀለም ቀለም መሽተት ከጀመረ ለቆዳ አትጠቀሚበት፣ ያረጀ ዘይት ከአዲሱ ይልቅ ቆዳ ያሳክካል። ላቬንደርም ቀስ ብሎ እንዲሁ ይሆናል። ቬቲቨርና ሴዳርዉድ ግን ዓመታት አይጎዳቸውም።

አሁን ዕጣኑ። ይህ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ መጻሕፍቱ ሁሉ ዕጣንን ቤዝ ነው ብለው ስለሚያልፉት። ሙጫው ፍም ላይ ሲወድቅ የሚሸተው ሽታና ከሙጫው በእንፋሎት የሚነጠረው ዘይት አንድ አይደሉም። ከመተማ፣ ከትግራይና ከቤኒሻንጉል የሚለቀመው የእኛ ዕጣን ዘይቱ ሲነጠር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦክቲል አሲቴት የሚባል ቀላል ነገር ነው፤ ሽታውም ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል፣ አረንጓዴ ብርቱካን ይመስላል። የሶማሌና የኦማን ዕጣን ዘይት ደግሞ አብዛኛው ፓይኒን የሚባለው የጥድ ሽታ ያለው ነገር ነው፤ ያም ቀላል ነው። ከባዶቹ፣ ኢንሴንሶልና መሰሎቹ፣ በእንፋሎት በቀላሉ አይወጡም፤ አብዛኛው ሙጫው ውስጥ ይቀራል፣ የሚወጡት ፍሙ ሲያግላቸው ነው። ቡና ሲፈላ የምታውቂው ሽታ ላይ ደግሞ ጭሱ ራሱ አለበት። ስለዚህ ዘይቱ ቶሎ የጠፋብሽ ተጭበርብረሽ ሳይሆን ቦታውን ስላሳሳትሽው ነው፤ የዕጣን ዘይት ከብርቱካኑ ጎን እንጂ ከቬቲቨሩ ጎን አይቆምም።

የዕጣን መንፈስ ያለው ሮለር ከፈለግሽ ከላይ ካለው እርሾ ብርቱካኑን 3 አድርጊና የዕጣን ዘይት 2 ጨምሪ፤ ቬቲቨሩን አውጥተሽ በቦታው ከርቤ 1 ጠብታ አግቢ። የከርቤ ዘይት ከዕጣኑ በተቃራኒ እውነተኛ መሠረት ነው፣ ሞለኪውሎቹ ከባድ ናቸው፤ መራራና ሞቅ ያለ ሽታው ዕጣኑ ትቶት የሄደውን ቦታ ይይዛል። እርጉዝ ሴት ግን ከርቤውን ትተወው። ከርቤ ሲቆይ ይወፍርና ክዳኑ ላይ ይጣበቃል፤ ክዳኑ አልከፈት ካለሽ በጥርስ አትታገዪው፣ ሙቅ ውኃ የነካ ጨርቅ ጠቅልዪበት።